አምስተኛው መረብ

የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ጣና ላይ አሳ ሲያስግሩ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። እኔ ደግሞ እዚሁ ባሕር ዳር ምጣኔ ሀብት አስተምራለሁ። ቤተሰብ ሲሰበሰብ ዘወትር የሚቀልዱብኝ እሳቸው ናቸው። «አንተ ስለ ገበያ ታወራለህ፣ እኔ ገበያ እወጣለሁ» ይሉኛል። አንድ ቅዳሜ ማለዳ ሐይቁ ዳር ስደርስ ጀልባቸውን አስጠግተው ቆሮሶውን ከመረቡ ዓይን እየፈለቀቁ ቅርጫት ውስጥ ይጥላሉ። ቀና ሳይሉ «መምህር፣ ስድስተኛ መረብ ልገዛ ነው» አሉኝ።

ከሁለት ወር በፊት ነው ከአራት መረብ ወደ አምስት ያሳደጉት። ሒሳባቸውን በእርጥብ እጅ በተገላበጠ ደብተር ላይ ይጽፋሉ። በአንድ ሌሊት አምስቱ መረቦች 30 ኪሎ ያወጣሉ፣ ኪሎው ሐይቁ ዳር ለነጋዴ 150 ብር ይሸጣል፣ ሁሉም ተደምሮ 4,500 ብር። ወጪው 3,300 ብር ነው። «ለሠላሳ ኪሎ አካፍለው፣» አሉኝ፣ «ኪሎው 110 ብር ይፈጅብኛል፣ 150 እሸጠዋለሁ፣ አርባ ብር ይተርፈኛል። እያንዳንዱ ኪሎ አርባ ብር እየሰጠኝ ለምን አልጨምርም?»

ማካፈሉ ትክክል ነው። ጥያቄው ግን መልሱን በማካፈል የሚገኝ ጥያቄ አይደለም። (ቁጥሮቹን ለመደመር እንዲመቹ አጠጋግቻቸዋለሁ፤ የዋጋ ማስረጃ አድርጎ የሚወስዳቸው እንዳይኖር።)

ወጪያቸውን ለሁለት ከፈልነው። አንደኛው ክፍል መረቡ አንድም ይሁን አምስት የማይቀር ነው፦ የሞተር ጀልባው የሌሊት ኪራይና የጥበቃው ክፍያ፣ 800 ብር። ሁለተኛው መረብ በጨመሩ ቁጥር የሚጨምር ነው፦ ለአጋዡ ልጅ በመረብ ልክ የሚከፈለው፣ እያንዳንዱን መረብ ለመዘርጋትና ለመሰብሰብ የሚያልቀው ነዳጅ፣ የሚበጠሰው ክርና የመረቡ እርጅና። ይህ ለአንድ መረብ በሌሊት 500 ብር መጣ። ለአምስት መረብ 2,500፣ ከ800 ጋር 3,300። ደብተሩና እኛ ተስማማን።

ከዚያ በአራት መረብ ጊዜ ስንት ያወጡ እንደነበር ጠየቅኳቸው። ገጹን ወደ ኋላ ገለበጡ። 28 ኪሎ ገደማ። 4,200 ብር ሽያጭ፣ 2,800 ብር ወጪ፣ ትርፉ 1,400። በአምስት መረብ ደግሞ ከ4,500 ላይ 3,300 ሲነሳ 1,200። አምስተኛው መረብ ከገባ ጀምሮ በየሌሊቱ 200 ብር ሲጎድል ከርሟል፣ የኪሎው ሒሳብ ግን አርባ ብር ትርፍ እያለ ይነግራቸዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምስተኛው መረብ ያመጣው ሁለት ኪሎ ነው፣ ሽያጩ 300 ብር። የወሰደው 500 ብር። እነዚያ ሁለት ኪሎዎች እያንዳንዳቸው 250 ብር ፈጅተው 150 ተሸጡ ማለት ነው። ታዲያ አማካዩ ለምን አላሳየም? ሁለቱን ኪሎ ከሌሎቹ 28 ኪሎዎች ጋር ቀላቅሎ ስለሚያየው። ሙሉ ድስት ወጥ ላይ አንድ ጭልፋ ውሃ ብትጨምሩ ወጡ ወጥ ወጥ ማለቱን አይተውም፤ የጨመራችሁት ግን ውሃ ነው።

እዚህ ላይ የሙያው ቃል ይገባል። አንድ ተጨማሪ ነገር ስንጨምር ጠቅላላው ወጪ ስንት ከፍ አለ የሚለው የኅዳግ ወጪ ይባላል፤ ጠቅላላው ጥቅም ስንት ከፍ አለ የሚለው ደግሞ የኅዳግ ጥቅም። ኅዳግ የብራና መጽሐፍ ዳር ነው፣ ጽሑፉ የማይደርስበት ነጭ ጠርዝ። የዘጌን ገዳማት መጻሕፍት ያየ ሰው ያውቀዋል። ቃሉን የመረጠው ማን እንደሆነ አላውቅም፣ ግን እጁ ይባረክ፤ ነገሩ ያለው ዳሩ ላይ ነው፣ ቀጥሎ በሚጨመረው።

ጋሼ የድሮውን እያስታወሱ፣ እኔም ስድስተኛውን እየገመትኩ ይህን ሠራን፦

| መረብ | ጠቅላላ ኪሎ | አማካይ በመረብ | መረቡ የጨመረው |
|---|---|---|---|
| 1 | 10 | 10 | 10 |
| 2 | 18 | 9 | 8 |
| 3 | 24 | 8 | 6 |
| 4 | 28 | 7 | 4 |
| 5 | 30 | 6 | 2 |
| 6 | 30 | 5 | 0 |

አንድ መረብ 500 ብር ስለሚፈጅ፣ ኪሎው በ150 ሲሸጥ፣ ወጪውን ለመመለስ ከሦስት ኪሎ ትንሽ በለጥ ያለ አሳ መጨመር አለበት። አራተኛው አራት ኪሎ ይጨምራል፣ 600 ብር፤ ይዘርጋ። አምስተኛው ሁለት ይጨምራል፤ ይቅር። ስድስተኛው ምንም አይጨምርም፣ አማካዩ ግን አሁንም «በመረብ አምስት ኪሎ» እያለ፣ 750 ብር እያሳየ ያባብላል።

የመጨረሻው ዓምድ እንዲህ የሚወርደው ጋሼ ሰንፈው አይደለም። የመጀመሪያው መረብ የሚዘረጋው እሳቸው በሚያውቁት ጥሩ ቦታ፣ ደንገሉ አጠገብ ነው። ሁለተኛው ቀጥሎ ባለው ጥሩ ቦታ። አምስተኛው ሲደርስ የቀረው ቦታ ደህና ያልሆነው ነው፣ ሰዓቱም መሽቷል። ንጋት ላይ ደግሞ አምስተኛው እስኪሰበሰብ ፀሐይ ትወጣለች፤ ቀድሞ የተያዘው አሳ ሞቶ ይለሰልሳል፣ ነጋዴውም ከሌላ ገዝቶ ይሄዳል።

የአማካይ ስህተት ሁልጊዜ አብዛ ብቻ አይልም፤ አሳንስም ይላል። የጋሼ ታናሽ ወንድም ደግሞ ቆጣቢ ነው፣ የሚመክራቸውም «ኪሎው በጣም የሚረክስበት ላይ ቁም» እያለ ነው። ያም ተሰላ። በሁለት መረብ ኪሎው 100 ብር ይፈጃል፣ በሦስት መረብ 96 ገደማ፣ በአራት ተመልሶ 100። በእሱ ምክር ሦስት ላይ መቆም ነው። ሦስት ላይ ትርፉ 1,300 ነው፣ አራት ላይ 1,400። አራተኛው መረብ የኪሎውን አማካይ ወጪ አራት ብር ቢያስወድደውም መቶ ብር ይዞ ይመጣል። እኔ የማውቃቸው ባለሱቆች ብዙዎቹ የሚሳሳቱት እንደ ጋሼ ሳይሆን እንደ ወንድማቸው ነው።

ጋሼ ግን አልተረቱም፤ እኔም ያላሰብኩትን አመጡ። «አምስተኛውን መረብ ለብቻው መዝኜዋለሁ። ስድስት ኪሎ ነው የያዘው። ስድስት ኪሎ 900 ብር ነው። አንተ ሁለት ኪሎ የምትለው ከየት አመጣኸው?»

ይህ ጥያቄ ብዙ የሰለጠነ ሰውም ይጥላል። መረቡ ላይ የተገኘው ስድስት ኪሎ እውነት ነው። ግን ከስድስቱ አራቱ ኪሎ አምስተኛው መረብ ባይኖር አራቱ መረቦች ይይዙት የነበረ አሳ ነው። በአራት መረብ ጊዜ እያንዳንዱ ሰባት ኪሎ ይይዝ ነበር፤ አምስት ሲሆኑ እያንዳንዱ ስድስት። አዲሱ ከአራት ጎረቤቶቹ አንድ አንድ ኪሎ ወስዶ፣ ሁለት ኪሎ ብቻ ከራሱ ጨመረ። ስለዚህ የኅዳጉ ጥቅም መረቡን በመመዘን አይገኝም፤ መረቡ ያለበትን ሌሊት ሙሉ ቅርጫት መረቡ ከሌለበት ሌሊት ሙሉ ቅርጫት ጋር በማነጻጸር ነው የሚገኘው።

ማነጻጸሩንም እንዲህ አደረግነው። ለሁለት ሳምንት፣ ሁለት ሌሊት በአራት መረብ፣ ሁለት ሌሊት በአምስት፣ እያፈራረቁ። በአንድ ወር አራት፣ በሚቀጥለው ወር አምስት ብንል ኖሮ ልዩነቱ የመረቡ ይሁን የወሩ አይለይም ነበር። ጨረቃዋ ሙሉ ስትሆን መረቡ ለአሳው ይታየዋል ይላሉ፣ ንፋስ ያለበት ሌሊትም ሌላ ነው፤ ስለዚህ የጨረቃውን ሌሊቶች ጻፍናቸው እንጂ አልቆጠርናቸውም። አንድ ሌሊት አምስት መረብ 35 ኪሎ አወጣና ጋሼ ሳቁብኝ። በማግስቱ 26 ሆነ። ሲጠቃለል ልዩነቱ ያው ሁለት ኪሎ አካባቢ ነው። በሁለት ሌሊት ብቻ ብንፈርድ ኖሮ ግን ወይ ስድስተኛ መረብ ይገዙ ነበር ወይ ሙያውን ይተዉ ነበር።

ስለዚያ 800 ብር አንድ ነገር ልበል፤ ሰው ሁሉ የሚሰነካከልበት ስለሆነ። የጀልባው ኪራይ ከጥበቃው ክፍያ ጋር ነገ ከ800 ወደ 1,200 ቢወጣ ጋሼ መጀመሪያ የሚያስቡት «ኪራዩን ለማካካስ መረብ ልጨምር» ነው። አይረባም። ኪራዩ አምስተኛው መረብ ይዘርጋ ወይስ ይቅር በሚለው ላይ ምንም አይልም፤ መረቡ ተዘረጋም አልተዘረጋ ይከፈላል። አራት መረብ አሁንም ይሻላል፣ ትርፉ ወደ 1,000 መውረዱ ነው። ኪራዩ የሚገባው አንድ ውሳኔ ላይ ብቻ ነው፦ ዛሬ ሐይቅ ልውጣ ወይስ ቤት ልዋል? ኪራዩ ከጥበቃው ጋር ከ2,200 ካለፈ አራት መረብም አያዋጣ፣ የሚሻለው አለመከራየት ነው።

በተቃራኒው የአሳ ዋጋ ሲለወጥ ዳሩ ራሱ ይንቀሳቀሳል። አሳ ጾም ነው አይደለም የሚለውን ክርክር ለካህናት ትቼ፣ በዐቢይ ጾም አሳ ፈላጊ እንደሚበዛ የከተማው ሰው ያውቃል። ኪሎው 300 ብር ቢገባ አምስተኛው መረብ የሚጨምረው ሁለት ኪሎ 600 ብር ይሆናል፣ 500ውን አልፎ ይሄዳል። ያን ጊዜ ይዘርጉት። ስድስተኛው ግን ኪሎው ሺህ ብር ቢገባም ዜሮ ኪሎ ዜሮ ነው።

ኅዳግ ሁልጊዜ እንዲህ ቀስ ብሎ አይወርድም። ዘጌ የሚያደርስ ጀልባ አስቡ። ዐሥር ሰው ይይዛል፣ ደርሶ መልሱ 2,500 ብር ይፈጃል እንበል፣ በሰው 250። ዘጠኝ ሰው ተሳፍሮ ሞተሩ ከተነሳ በኋላ አንድ ተማሪ እየሮጠ መጥቶ «መቶ ብር ብቻ ነው ያለኝ» ቢል፣ ባለጀልባው ቢጭነው አይከስርም፤ ባዶው ወንበር ምንም አላስከፈለውም ማለት ይቻላል። አስራ አንደኛው ሰው ግን ሌላ ጀልባ ያስነሳል። እሱ ብቻውን 2,500 ብር ነው፣ አማካዩ ምንም ቢል። የተማሪው ጉዳይ አንድ ቀዳዳ አለው፦ ሌሎቹ ተሳፋሪዎች ሰምተው ነገ ሁሉም በመጨረሻ ደቂቃ እየሮጡ ከመጡ ኪሳራው የትናንቱ መቶ ብር ውስጥ አልተቆጠረም ነበር።

ወደ መረቡ ልመለስ፤ የጋሼ ጥያቄ አላለቀም። አምስቱ መረብ የአንድ ሰው ሲሆን አምስተኛው ከአራቱ የወሰደውን አራት ኪሎ ራሱ ባለቤቱ ይከፍለዋል፤ ስለዚህ ይዋል ይደር እንጂ ደብተሩ ላይ ይወጣል። እያንዳንዱ መረብ የተለየ ሰው ቢሆንስ? ሐይቁ ደግሞ እንዲያ ነው።

ያንኑ ሠንጠረዥ ውሰዱ፣ «መረብ» የሚለውን «ጀልባ» በሉት፣ እያንዳንዱ ጀልባ የአንድ አባወራ ነው፣ ለእያንዳንዱ የሌሊቱ ወጪ ሁሉ ተጠቃሎ 500 ብር ነው፣ ኪሎውም 150። አራት ጀልባ እያሉ እያንዳንዱ ሰባት ኪሎ፣ 1,050 ብር ያገኛል። አምስተኛው ይህን አይቶ ይገባል፤ ለእሱ ስድስት ኪሎ፣ 900 ብር። ስድስተኛው ይገባል፤ አምስት ኪሎ፣ 750። ሰባተኛውም ይገባል፤ አራት ኪሎ፣ 600 ብር፣ አሁንም ከ500 ይበልጣል። ስምንተኛው ሦስት ኪሎ ስለሚደርሰው፣ 450 ብር፣ እሱ ይቀራል። ሰባት ላይ ይቆማል።

ሰባት ጀልባ እያንዳንዱ አራት ኪሎ ሲያወጣ 28 ኪሎ ነው። አራት ጀልባ ያወጣውም 28 ኪሎ ነበር። ሦስት ጀልባ፣ ሦስት ሞተር፣ ሦስት አባወራ ሌሊቱን ሙሉ ውሃ ላይ አድረው ከሐይቁ አንድ ኪሎ አልጨመሩም። ሰባተኛው ብቻውን እንኳ ቢታይ፣ ስድስት ጀልባ 30 ኪሎ ያወጣ ነበር፣ እሱ ሲገባ 28 ሆነ፤ ቤቱ አራት ኪሎ ይዞ የገባው ሰው ከስድስት ጎረቤቶቹ ስድስት ኪሎ ወስዶ ነው፣ ሐይቁ ዳር ያለውንም ጠቅላላ አሳ ሁለት ኪሎ አሳንሶ።

ሰባተኛው ሞኝ አይደለም። ለእሱ የኅዳግ ጥቅሙ 600፣ የኅዳግ ወጪው 500 ነው፤ ሒሳቡን አሳምሮ ሠርቷል። ባለቤት በሌለው ሐይቅ አዲስ የሚገባ ሰው የሚደርሰው አማካዩ ነው፣ በጠቅላላው ላይ የሚጨምረው ግን ኅዳጉ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከሌላው ሰው ቅርጫት ይወጣል። ይህን ነገር እ.ኤ.አ. በ1954 በአሳ ሀብት ላይ በጽሑፍ አፍታቶ ያሳየው ስኮት ጎርደን የተባለ ካናዳዊ የምጣኔ ሀብት ምሁር ነው፤ ባለቤት የሌለው የአሳ ማስገሪያ ትርፉ ተሟጦ እስኪያልቅ ድረስ ሰው እንደሚገባበት፣ ምክንያቱም የሚገባው ሰው የሚያየው አማካዩን ስለሆነ።

ጣና ላይ ለረጅም ዘመን ይህን ያገደው ደንብ ሳይሆን ታንኳ ነው። በደንገል ታንኳ ሰው ከዳር ብዙ አይርቅም፣ ብዙም አይጭንም። እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ሲመጣ የአንድ ተጨማሪ ጉዞ ወጪ ወረደ፣ ሩቁም ቅርብ ሆነ። ነጭ አሳ የምንለው ደግሞ በርካታ ዝርያው በክረምት እንቁላሉን ለመጣል ወደ ጉማራና ርብን ወደመሳሰሉት ወንዞች ይወጣል፣ ከመውጣቱ በፊትም ወንዙ አፍ ላይ ይሰበሰባል። እዚያ መረብ የዘረጋ ሰው በአንድ ሌሊት ብዙ ያወጣል፣ በትንሽ ወጪ። በደብተሩ ላይ ከዚያ የሚሻል ኅዳግ የለም። እንቁላል የያዘችው አሳ በሚቀጥሉት ዓመታት የምትሰጠው ግን በማንም ደብተር ወጪ ተብሎ አልተጻፈም፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነጭ አሳው በእጅጉ ቀነሰ።

ለጋሼ ይህን የሰባት ጀልባ ነገር ስነግራቸው አምስተኛውን መረብ ጠቅልለው ጀልባው ጥግ አስቀምጠውት ነበር፤ ለጾሙ ይጠብቃል ብለው። ዝም ብለው ሰሙኝ።

«ሰባተኛው እርስዎ ቢሆኑስ?» አልኳቸው።

«እገባለሁ እንጂ! በ500 ብር 600 እየሰጠኝ?» አሉ። አንዲት ቆሮሶ ከመረቡ ዓይን ፈልቅቀው ቅርጫቱ ውስጥ ጣሉና «አንደኛው ከሆንኩ ግን አላስገባህም» አሉኝ።